የአገልግሎት ክፍተቶች ሐሳብ ከየት እንደ መጣና የሆቴል እንግዳን እርካታ ስለ መመዘን

ባለፈው የትምህርት ወቅት በአገልግሎት ገበያ ትምህርት ለየቡድናችን አንድ የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። ሥራውም አንድ ሆቴል መርጠን፥ የእንግዶቹን እርካታ መዝነን፥ ውጤቱን ለመምህራችንና ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ እንድናቀርብ ነው። እኛም አራት ሆነን በከተማችን ካሉት መካከለኛ ሆቴሎች ወደ አንዱ ሄድን። በመማሪያ መጽሐፋችን ያገኘነውን ባለ 22 ጥያቄ ወረቀት ወደ አማርኛ መልሰን አደልን፤ መልሱን ሰብስበን ደመርን፥ አካፈልን፥ ቀነስን። በመጨረሻም የሆቴሉ ትልቁ ጉድለት ቃልን በመፈጸም በኩል እንደ ሆነና ሠራተኞቹ ሥልጠና እንደሚያስፈልጋቸው ጽፈን አቀረብን። ከመምህራችን ዘንድ መልካም ማርክ አገኘን።

ሥራ አስኪያጁ ግን ወረቀቱን ካነበቡ በኋላ፥ «ልጆች፥ እንግዶቼ ቅር እንዳላቸው ነገራችሁኝ፤ ይህንንስ ከቅሬታ መዝገቡ አውቀዋለሁ። እኔ የማላውቀው የተበላሸው የቱ ጋ እንደ ሆነ ነው። ሥልጠና የምትሉት ለማን ነው? ስለ ምን?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም። ከዚህም የከፋ ነገር ነበር። ከቅሬታዎቹ ብዙዎቹ የጧት ሙቅ ውሃን የሚመለከቱ ስለ ነበሩ፥ ሥራ አስኪያጁ የእኛን ወረቀት እንደ ማስረጃ ይዘው ከማሞቂያው ሠራተኛ ወርኃዊ የአገልግሎት ድርሻ ላይ ሊቀንሱ አስበው ነበር። እኛ ደግሞ ሰውየውን አይተነው እንኳ አናውቅም ነበር።

በዚህ ምክንያት ያ የጥያቄ ወረቀት ከየት እንደ መጣ፥ ማን ለምን እንዳዘጋጀው ለማወቅ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመለስን። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው በዚያ ያገኘነውን ታሪክና በታሪኩ ረዳትነት እንደገና የሠራነውን ሥራ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆቴል ስለ አገልግሎቱ ማሰብ የጀመረው ሊቃውንት ስለ ሆቴል ከመጻፋቸው አስቀድሞ ነው። ኤልስዎርዝ ስታትለር የተባለው አሜሪካዊ በ1908 ዓ.ም. በቡፋሎ ከተማ ባሠራው ሆቴል ለእያንዳንዱ መኝታ ክፍል የራሱን መታጠቢያ አደረገለት፤ አንድ አልጋ ከነመታጠቢያው በአንድ ዶላር ተኩል ብሎም አስታወቀ። ስታትለር ለሠራተኞቹ የአገልግሎት ደንብ ጽፎ ይሰጥ ነበር። በዚያ ዘመን ግን የአገልግሎት መልካምነት የሚለካው በባለቤቱ ዐይን ነበር። ባለቤቱ ጎበዝ ከሆነ እንግዳው የሚፈልገውን ቀድሞ ያውቅለታል፤ ጎበዝ ካልሆነ ግን የሚያርመው የለም።

በፋብሪካ በኩል መለኪያ ማግኘት ቀላል ነው። ከመቶ ጠርሙስ ስንቱ እንደ ተሰነጠቀ መቍጠር ይቻላል፤ የተሰነጠቀውም ገበያ ሳይወጣ ይጣላል። አገልግሎት ግን እንደዚህ አይደለም፤ የሚሠራውና የሚበላው በአንድ ጊዜ ነው። እንግዳ ተቀባዩ ፊቱን ቢያጠቍር፥ ያን ፊት ከእንግዳው በፊት አይቶ የሚመልሰው መርማሪ የለም። ስለዚህ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ሊቃውንቱ መለኪያውን ከዕቃው ላይ አንሥተው በደንበኛው ልብ ውስጥ መፈለግ ጀመሩ። በ1980 ዓ.ም. ሪቻርድ ኦሊቨር እርካታ ማለት ሰው አስቀድሞ በገመተውና በኋላ ባገኘው መካከል ካለው ልዩነት የሚወለድ ስሜት መሆኑን የሚያስረዳ ጥናት አወጣ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ በሄልሲንኪ የሚያስተምረው ክርስቲያን ግሮንሩስ፥ ደንበኛው የሚፈርደው ባገኘው ነገር ብቻ ሳይሆን ነገሩ በተሰጠው አኳኋንም ጭምር መሆኑን ገለጸ። አልጋው አንድ ነገር ነው፤ ወደ አልጋው ያደረሰው ሰው አኳኋን ሌላ ነገር ነው።

ለቤት ሥራችን መነሻ የሆነው ጽሑፍ የታተመው ከዚህ አንድ ዓመት በኋላ፥ በ1985 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊዎቹ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፓራሱራማን፥ ቫለሪ ዛይተምልና ሌናርድ ቤሪ ናቸው። እኛን ያስገረመን የሥራቸው አጀማመር ነው። እነዚህ ሦስት ሊቃውንት በመጀመሪያ መጠይቅ አላደሉም፤ ተቀምጠው ሰዎችን አነጋገሩ። ባንክ፥ የክሬዲት ካርድ፥ የአክሲዮን ሽያጭና የዕቃ ጥገና የተባሉ አራት የአገልግሎት ዐይነቶችን መረጡ። ከእያንዳንዱ ዐይነት አንድ አንድ ድርጅት ይዘው ሦስት ወይም አራት ኀላፊዎችን ጠየቁ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ደንበኞችን በ12 ቡድን ሰብስበው አወያዩ። ከዚያም ኀላፊዎቹ ያሉትንና ደንበኞቹ ያሉትን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት የማይገጣጠምበት ቦታ ተገኘ። ያንን ያልገጠመ ቦታ ክፍተት ብለው ጠሩት።

ለምሳሌ በባንክና በአክሲዮን ደንበኞች ውይይት ሁሉ የደንበኛው ምሥጢር መጠበቅ ዋና ጉዳይ ሆኖ ተነሣ፤ የድርጅቶቹ ኀላፊዎች ግን ነገሩን ያነሡት ከስንት አንዴ ነበር። ደንበኛው በሚፈልገውና ኀላፊው ደንበኛው ይፈልገዋል ብሎ በሚያስበው መካከል ያለው ይህ ልዩነት አንደኛው ክፍተት ነው። የጥገና ድርጅት ኀላፊዎች ደግሞ ደንበኛው ቶሎ እንዲጠገንለት እንደሚፈልግ በሚገባ ያውቁ ነበር። ሆኖም አየር ማቀዝቀዣና የሣር ማጨጃ የሚበላሸው በበጋ ነው፤ ሠራተኞቹ ፈቃድ መውጣት የሚፈልጉትም በዚያው በበጋ ነው። ስለዚህ ያወቁትን ወደ ተቈረጠ ደንብ ሊለውጡት አልቻሉም። ማወቅና ደንብ ማውጣት ሲለያዩ ሁለተኛው ክፍተት ይሆናል። ደንቡ ወጥቶ ሥራው በደንቡ መሠረት ሳይፈጸም ሲቀር ሦስተኛው ነው። የተሠራውና በማስታወቂያ ወይም በአፍ ለደንበኛው የተነገረው ሲለያይ አራተኛው ነው። አምስተኛው ክፍተት ደንበኛው በጠበቀውና አገኘሁ በሚለው መካከል ያለው ሲሆን፥ እርሱ ብቻውን የሚቆም አይደለም፤ ከአራቱ የሚወለድ ነው።

አንባቢ ይህን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ የእኛ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነውና። አራቱ ክፍተቶች በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ እንግዳው አያያቸውም። አምስተኛው ግን በእንግዳው ልብ ውስጥ ያለ ስለ ሆነ እንግዳውን ጠይቆ ማግኘት ይቻላል። በ1988 ዓ.ም. ሦስቱ ሊቃውንት ሰርቭኳል የተባለውን መጠይቅ ሲያወጡ የለኩት ይህን አምስተኛውን ነው። በዚያው ዓመት ለአራቱ ክፍተቶች ምክንያት የሚሆኑትን ነገሮች ለብቻው ዘርዝረው አሳተሙ፤ ይኸውም የበታች ሠራተኛ ወደ ላይ የሚናገርበት መንገድ መጥበብ፥ ሠራተኛው ከእርሱ የሚፈለገውን በግልጽ አለማወቁ፥ የሥራ ክፍሎች እርስ በርሳቸው አለመነጋገራቸው፥ ከሚቻለው በላይ የመስጠት ተስፋ መስጠትና ይህን የመሰለው ነው። ሁለቱ ሥራዎች አብረው እንዲነበቡ የተጻፉ ናቸው። እኛ ግን መጠይቁን ወስደን ሌላውን ትተን ነበር። ሐኪም የበሽተኛውን ትኵሳት ለክቶ ሳይመረምር መድኀኒት ቢያዝዝ ከእኛ ሥራ ጋር አንድ ነው።

መጠይቁ እንዴት እንደ ተሠራ ባጭሩ እንግለጽ። በመጀመሪያ 97 ዐረፍተ ነገሮች ተጻፉ፤ ተፈትነው ተፈትነው 22 ቀሩ። እነዚህም በአምስት ገጽታ ይመደባሉ፤ እነርሱም በዐይን የሚታየው ነገር፥ አስተማማኝነት፥ ለእንግዳው ፈጥኖ መድረስ፥ የሠራተኛው ዕውቀትና ትሕትና የሚሰጠው መተማመኛ፥ እንዲሁም ለእያንዳንዱ ሰው ማሰብ ናቸው። መላሹ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ ከ1 እስከ 7 ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ አንድ ጊዜ ስለሚጠብቀው፥ አንድ ጊዜ ስላገኘው። ካገኘው ላይ የጠበቀው ሲቀነስ የሚቀረው ቍጥር የክፍተቱ መጠን ነው። የተፈተነውም በባንክ፥ በክሬዲት ካርድ፥ በቤት ዕቃ ጥገና፥ በስልክና በአክሲዮን ደንበኞች ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሆቴል የለም። ይህን ስናይ ደነገጥን ብንል ማጋነን አይሆንም፤ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ምሳሌው ሁሉ ሆቴል ስለ ነበረ ሐሳቡም በሆቴል የተወለደ መስሎን ነበር። ሰው ባንክ ገብቶ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሆቴል ግን ተኝቶ ያድራል፤ ይበላል፥ ይታጠባል፥ ሌሊት ድምፅ ይሰማል፥ ከጎረቤቱ እንግዳ ጋር ይገናኛል። የባንክ መስኮት ቢያስጠላም ገንዘቡ ይወጣል፤ በሆቴል ግን በዐይን የሚታየውና በእጅ የሚዳሰሰው ነገር የተሸጠው ዕቃ ራሱ ነው። ሦስቱ ሊቃውንት በ1990 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ደንበኞች 100 ነጥብ ለአምስቱ ገጽታዎች ሲያካፍሉ አስተማማኝነት 32፥ የሚታየው ነገር ግን 11 ብቻ እንዳገኘ ጽፈዋል። ይህን ሚዛን ከባንክ አንሥቶ ወደ መኝታ ክፍል ማዛወር የሚገባ መሆኑ ራሱ መመርመር ያለበት ነው።

ጥያቄውን ከእኛ በፊት ያነሡ ነበሩ። በዚያው በ1990 ዓ.ም. በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ቦኒ ኑትሰን ከባልደረቦቿ ጋር ሎጅሰርቭ የተባለ 26 ጥያቄ ያለው የሆቴል መጠይቅ አዘጋጀች። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ሳሌህና ራያን የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ መጠይቁን በሆቴል ሥራ ላይ ሲፈትኑት ገጽታዎቹ እንደ ቀድሞው ሆነው አልተገኙም። በእነርሱ ዘንድ ጎልቶ የወጣው የአቀባበሉ ደስታና ሞቅታ ሲሆን፥ እንግዳን በሽሙጥ አለመናገር ራሱን ችሎ እንደ አንድ ገጽታ ተቈጠረ። እንግዳ መቀበል ባህል ከሆነበት አገር ለመጣ አንባቢ ይህ ብዙ ላያስደንቅ ይችላል።

ሁለተኛው ችግራችን የቋንቋ ነበር፤ ታሪኩን ባናነብ ኖሮ ችግር መሆኑንም አናውቅም ነበር። በ1988ቱ መጠይቅ የሚጠበቀው ነገር የተጠየቀው «እንዲህ ሊሆን ይገባል» በሚል ነው። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ 7 ይጽፋል፤ ንጹሕ አንሶላ አይገባም የሚል ማን አለ? ሊቃውንቱም ይህን አይተው በ1991 ዓ.ም. አረሙት፤ ጥያቄው «እጅግ መልካም የሆነ ድርጅት እንዲህ ያደርጋል» በሚል ተለወጠ። በአሉታ የተጻፉት ዐረፍተ ነገሮችም መላሹን ስላሳሳቱ ወደ አዎንታ ተመለሱ። እኛ የተረጐምነው አሮጌውን ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ «ከሆቴሉ ምን ይጠብቃሉ?» የሚለውን አማርኛችንን አንድ ሽማግሌ እንግዳ አንብበው፥ «እኔ የምጠብቀው መኪና ነው» ብለው መለሱልን። ሣቅን፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። መጠበቅ በእኛ ቋንቋ ቆሞ መጠባበቅም ነው፥ ዘብ መቆምም ነው፥ ተስፋ ማድረግም ነው። ከየትኛው እንደ ጠየቅን የሚለይ ነገር በወረቀታችን ላይ አልነበረም።

ከዚህም ሌላ ሁለቱንም ጥያቄ የጠየቅነው እንግዳው ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ነው። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ የተናደደ ሰው ሲመጣ ምን ያህል ተስፋ አድርጎ እንደ ነበር ሲጠየቅ፥ ተስፋውን ከንዴቱ ጋር አብሮ ከፍ ያደርገዋል። ወረቀቱንም ያደለችልን እንግዳ ተቀባይዋ ስለ ነበረች፥ በፊቷ ቆመው «ደኅና ነው፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ሁሉንም 6 የሞሉ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ወረቀት እንዴት እንደሚታወቅ ኋላ ተማርን። ሃያ ሁለቱም መልስ አንድ ዐይነት ቍጥር ሆኖ ሲገኝ ጥያቄው አልተነበበም ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር መቀነሱ ራሱ ነው። ሁለት እንግዶች አሉ እንበል። አንደኛው ብዙ አገር የዞረ ነጋዴ ነው፤ ስለ ፈጣን መስተንግዶ የሚጠብቀውን 7፥ ያገኘውን 6 ብሎ ሞላ። ክፍተቱ ከዜሮ በታች 1 ነው። ሁለተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሆቴል ያደረ ገበሬ ነው፤ የሚጠብቀውን 3፥ ያገኘውን 4 ብሎ ሞላ። የእርሱ ክፍተት ከዜሮ በላይ 1 ነው። በስሌቱ መሠረት ገበሬው ከነጋዴው የተሻለ አገልግሎት አገኘ ማለት ነው፤ ነገር ግን ራሱ ገበሬው 4 ሲል ነጋዴው 6 ብሏል። ሁለቱ በአንድነት ሲደመሩ ደግሞ ዜሮ ይሆናሉና ሆቴሉ ምንም ጉድለት የሌለበት ይመስላል። ስለዚህም ክሮኒንና ቴይለር በ1992 ዓ.ም. የሚጠበቀውን ትተን የተገኘውን ብቻ እንጠይቅ ብለው ሰርቭፐርፍ የተባለውን መለኪያ አቀረቡ። በባንክ፥ በተባይ ማጥፊያ፥ በልብስ ንጽሕናና በፈጣን ምግብ ቤቶች ፈትነው አጭሩ መለኪያ የተሻለ ሆኖ እንዳገኙት ጻፉ። ሦስቱ ሊቃውንት ደግሞ በ1994 ዓ.ም. መልስ ሰጡ፤ የሚጠበቀው ከተተወ ሥራ አስኪያጁ የትኛውን ጉድለት አስቀድሞ እንደሚያርም አያውቅም የሚል ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው። አንድ ሆቴል ከዓመት ዓመት መሻሻሉን ለማየት የተገኘውን ብቻ መጠየቅ ይበቃል፤ ጉድለቱን ለመፈለግ ግን የሚጠበቀውን ማወቅ ግድ ነው፤ ሲታወቅም በአማካይ ሳይሆን በየእንግዳው ዐይነት ተለይቶ መሆን አለበት።

ስለ እርካታም አንድ ቃል መናገር አለብን፤ የቤት ሥራችን ርእስ እርካታ ሲሆን እኛ የለካነው ግን የአገልግሎት ጥራት ነበርና። ሦስቱ ሊቃውንት በ1988ቱ ጽሑፋቸው ሁለቱን ለይተዋል፤ ጥራት ስለ ድርጅቱ በጠቅላላው የሚሰጥ ፍርድ ሲሆን እርካታ ከአንድ ግንኙነት ጋር የተያያዘ ነው። ሰው ሆቴሉ ተራ መሆኑን እያወቀ፥ በከፈለው ገንዘብ ልክ ስላገኘ ረክቶ ሊሄድ ይችላል። መልካም በሚባል ሆቴልም አንድ ክፉ ሌሊት አሳልፎ ቅር ሊሰኝ ይችላል። ስለዚህ «ይህ ሆቴል እንዴት ነው?» የሚለውና «የትናንቱ ሌሊት እንዴት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ተለይተው መጠየቅ አለባቸው።

እንግዲህ ወደ ሙቅ ውሃው እንመለስ። ሥራ አስኪያጁን አስፈቅደን ለሁለተኛ ጊዜ ሄድን፤ በዚህ ጊዜ መጠይቅ አልያዝንም። የያዝነው ከኮሌጁ ቤተ ሙከራ የተዋስነውን ቴርሞሜትርና አራቱን ክፍተቶች የጻፍንበትን ደብተር ነበር።

አንደኛውን ክፍተት ለመፈለግ ሥራ አስኪያጁ እንግዶቻቸው እንዴት ይመልሳሉ ብለው እንደሚገምቱ ወረቀቱን ራሳቸው እንዲሞሉልን ለመንን፤ ይህ ዘዴ ከሊቃውንቱ የተማርነው ነው። እርሳቸው እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የሳሎኑን ወንበርና መጋረጃ እንደ ሆነ ገመቱ። እንግዶቹን ስናነጋግር ግን አብዛኞቹ ማልዶ በሚነሣ አውቶቡስ የሚሄዱ ሆነው ተገኙ፤ የሚፈልጉትም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ታጥበው መውጣት ነው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሥራ የሚገቡት በ2 ሰዓት ስለ ሆነ እነዚህን እንግዶች አያገኟቸውም፤ እንግዶቹም አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ስለሚሮጡ በመዝገቡ ላይ የሚጽፉት ጥቂቶች ናቸው። እንግዳ ተቀባዮቹ ግን ሰዓቱን በሚገባ ያውቁ ነበር። ለምን አልነገራችሁም ብንላቸው፥ «ማን ጠየቀን?» አሉ።

ሁለተኛውን ክፍተት ያገኘነው በማሞቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። ከዚያ የተለጠፈው ትእዛዝ ማሞቂያው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይለኮስ ይላል። ውሃው በስንት ሰዓት፥ ከየትኛው ክፍል፥ ምን ያህል ሙቀት ይዞ መድረስ እንዳለበት አይናገርም። ደንቡ የሠራተኛውን ሥራ እንጂ የእንግዳውን ውሃ አልቈረጠም ማለት ነው። ሦስት ጧት ተከታትለን በምድር ቤቱ ቧንቧና በአራተኛው ፎቅ መጨረሻ ባለው ክፍል ለካን። በ11 ሰዓት ተኩል ከላይ ያለው ውሃ ከቀዝቃዛው አይለይም ነበር፤ ሰው ሳይንቀጠቀጥ ሊታጠብበት የሚችል፥ ማለት ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ሆኖ የተገኘው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። የምድር ቤቱ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀድማል። ስለዚህ «ሙቅ ውሃ አለ» የሚለውም «የለም» የሚለውም እንግዳ እውነቱን ነው፤ የሚለያዩት በፎቅ ነው። በመጀመሪያው ወረቀታችን ግን የክፍሉን ቍጥር አልጠየቅንም ነበር፤ አማካዩም ሁለቱን አንድ ላይ ደፍጥጦ አቀረበው።

ሦስተኛው ክፍተት ሥራ አስኪያጁ የጠረጠሩት ነበር። በሦስቱም ጧት ከ11 ሰዓት በፊት ማሞቂያው ክፍል ሄደን ቆየን። ሠራተኛው በሰዓቱ ለኮሰ፤ አንዱን ቀን እንዲያውም አሥር ደቂቃ ቀደመ። «ጋሼ፥ ለምን ከዚህ በፊት አይለኩሱትም?» ብንላቸው፥ «ልጄ፥ ናፍጣው ተለክቶ ነው የሚሰጠኝ፤ ሰዓቱንም ያዘዘኝ ወረቀቱ ነው» አሉን። ደንብ ባለበት ቦታ ሠራተኛው ደንቡን ከፈጸመ፥ ጉድለቱ በእርሱ ላይ ሊጻፍ አይችልም። እኛ ግን በመጀመሪያው ጽሑፋችን ሥልጠና ያስፈልጋል ስንል በእርሳቸው ላይ ጽፈን ነበር።

አራተኛውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ በሆቴሉ በር ላይ በትልቅ ፊደል ተጽፏል፤ «24 ሰዓት ሙቅ ውሃ» ይላል። ከእኛ አንዱ ከውጭ ስልክ ደውሎ ክፍል ቢጠይቅም ይህንኑ ነገሩት። በሩን ያላነበበ እንግዳ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያገኝ ያዝናል፤ ያነበበው ግን ተታለልኩ ይላል። በመጀመሪያው ጥያቄያችን ላይ አስተማማኝነት ከሁሉ ዝቅ ብሎ የተገኘበት ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጽሑፉ ባይኖር ኖሮ ያው ውሃ የተሻለ ቍጥር ያገኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ በሁለት ገጽ አቀረብንላቸው፤ በዚህኛው ወረቀት ላይ አማካይ ቍጥር አልነበረም። የሠራተኛውን ድርሻ ለመቀነስ የነበራቸውን አሳብ ተዉት። የናፍጣውንም ወጪ አስልተው ማሞቂያው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል እንዲለኮስ አዘዙ፤ በግድግዳው ላይ ያለውም ትእዛዝ «በ11 ሰዓት በአራተኛው ፎቅ ሙቅ ውሃ ይድረስ» በሚል ተለወጠ። በበሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ይህን እስከምንጽፍ ድረስ አልተነሣም።